የኩራ ክንድ ስንት ጊዜ ሆነው?

ወለተሐና ተቀምጣ አስተምራ አታውቅም። ክፍል ስትገባ ወንበሩ የሚያገለግለው ለቦርሳዋ ብቻ ነው። እሷ ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ኋላ ረድፍ፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ በሩ ስትል ክፍለ ጊዜው ያልቃል፤ ተማሪዎቿ አንገታቸውን እያሹ ይወጣሉ። ሻይ ቤት ገብታም ቆማ ታዛለች፣ ቆማ ትጠጣለች፣ መልሷን ሳትቀበል ወጥታ ከመንገድ ትመለሳለች።

በነገሌ ቦረና እንዲህ ያለ ሰው ያስቸግራል። እዚያ ሰላምታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ ተጠያይቆ፣ ሰላም ነው ለማለት «ናጋ» ተብሎ፣ ደግሞ «ናጋ» ተብሎ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። ወለተሐና ግን «አካም!» ብላ መልሱ ሳይደርሳት ሦስት ቤት አልፋለች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቀድሞ ይቀየሟት ነበር፤ ኋላ ሲያዩት የተፈጥሮዋ ነው፣ ተዉአት።

ተወልዳ ያደገችው ክብረ መንግሥት ነው። አባቷ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ ጸሐፊ ነበሩ። እሷም በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆና ነገሌ ስትመደብ ለእናቷ «ለሁለት ዓመት ነው» ብላ ነው የወጣችው። ሻንጣዋንም ሙሉ በሙሉ አልፈታችውም ነበር። ሁለቱ ዓመት ሃያ አምስት ሆነ። እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች፣ እዚያው ባሏን ቀበረች፣ እዚያው ፀጉሯ ሸበተ። ዛሬም ግን «ልሄድ ነኝ» እንዳለች ናት።

ከምታስተምረው ሁሉ የምትኮራበት አንድ ትምህርት አላት፤ አንድ ነገር ምን ያህል እንደቆየ በእንግሊዝኛ መናገር። ተማሪዎቿ በየዓመቱ እዚያው ላይ ይሰናከላሉ፤ ምክንያቱንም ታውቀዋለች። በአማርኛ «ከጥር ጀምሮ» እንላለን፣ «ከአራት ወር ወዲህ»ም እንላለን፤ ያችው አንዲት «ከ» ሁለቱንም ትሸከማለች። ስለዚህ ልጆቹ «since four months» ብለው ይጽፋሉ። ያን ጊዜ ወለተሐና ጠመኔውን ጥላ ትነሳለች፣ መቼስ ተቀምጣ አታውቅም እንጂ።

«ግመል አስራችሁ አታውቁም?» ትላለች። «ሲንስ ካስማው ነው፤ ነገሩ የጀመረበት ቦታ። ጥር፣ ሰኞ፣ ልጅነቴ፣ እነዚህ ካስማ ናቸው። ፎር ገመዱ ነው፤ ርዝመቱ። አራት ወር፣ ሁለት ሰዓት፣ ብዙ ዓመት፣ እነዚህ ገመድ ናቸው። ከፊታቸው ደግሞ ሃቭ ወይም ሃዝ ይግባ፤ ግመሉ አሁንም እንደታሰረ ነውና! ‹was› ካላችሁ ፈታችሁ ለቀቃችሁት ማለት ነው።»

ከሃያ ዓመት በላይ ያች ግመል ሰሌዳው ላይ ታስራ ኖራለች። ከተማው ውስጥ ነጋዴውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ሾፌሩም የእሷን ካስማና ገመድ ያውቃል። ከእነዚያ አንዱ ኩራ ነው።

ኩራ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ አይሱዙ መንዳት የጀመረ፣ ሳቂታ፣ ትከሻ ሰፊ ልጅ ነው። ከነገሌ ፍየል ጭኖ ይወጣል፣ ከቦሬ ድንችና ጎመን ጭኖ ይወርዳል። በክብረ መንግሥት ሲያልፍ የወለተሐናን ዕቃ ለእናቷ ያደርሳል፤ አንድ ቀን ሒሳብ ተቀብሏት አያውቅም። «የቲቸርን ዕቃ በገንዘብ ከጫንኩማ ፍየሎቹም ይታዘቡኛል» ይላል። እናቱ አዮ ጉያቱ የወለተሐና የጓሮ ጎረቤት ናቸው። ባሏ የሞተ ጊዜ አርባውን ቀን ሙሉ ከቤቷ ያልወጡ እሳቸው ነበሩ።

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ ጥምቀት ባለፈ ማግስት፣ የኩራ መኪና መንገድ ላይ ተበላሸ። መለዋወጫ ሊያመጣ የሰው ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጠጠ። ጠጠሩ ላይ ሞተሩ ከዳቸው። ነጂው ተላላጠ እንጂ ተነሳ፤ ኩራ ግን በቀኝ ትከሻው ነው የወደቀው። አጥንቱ አልተሰበረም ተባለ፣ ቁስሉም ደረቀ። ክንዱ ግን ከትከሻው ጀምሮ ዝም አለ። ጣቶቹ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ ክርኑን ማጠፍ፣ ክንዱን ማንሳት የለም። ማርሽ የሚቀይርበት እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠለጠለ።

ወጌሻ አሸው፤ አልሆነም። በመጨረሻ የከተማው ሐኪም ዶክተር ፋዲል አይቶ ነገሩን በግልጽ ነገራቸው። «ከአንገቱ ወደ ክንዱ የሚወርደው ነርቭ ተጎድቷል። በሰኔ አዲስ አበባ የሚመጡ የውጭ ሐኪሞች አሉ፤ ይህን ነርቭ ይሠራሉ። ግን ጊዜ አለው። ስድስት ወር ገደማ ካለፈ ነርቩ ቢሰፋም ጡንቻው እየሞተ ነው የሚጠብቀው፤ ዓመት ሁለት ዓመት ከሆነውማ አይነኩትም። ዋናው ጥያቄያቸው እሱ ነው፤ ስንት ጊዜ ሆነው።»

የሐኪሞቹን አስተባባሪ ስልክ ሰጣቸው። ፈረንጅ ናት፣ በዋትስአፕ በእንግሊዝኛ ነው የምትጻጻፈው። ዶክተር ፋዲል ራሱ ይጽፍላቸው ነበር፤ ነገር ግን በማግስቱ ለክትባት ዘመቻ ወደ ተልተሌ ገጠር ወጣ፤ ስልኩም እዚያ አይሠራም። ምን ቸገረን አሉ እነ ኩራ፤ ቲቸር አለችልን።

ግንቦት ነበር። ወለተሐና በዕረፍት ሰዓት፣ በአንድ እጇ የሻይ ብርጭቆ፣ በአንድ እጇ የኩራን ስልክ ይዛ፣ በአስተማሪዎች ቢሮ ውስጥ እየተንጎራደደች ጻፈችው። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የወደቀበትን ሁኔታ። አስተባባሪዋ ወዲያው መልሳ ጠየቀች፤ ክንዱን ማንሳት ካቃተው ስንት ጊዜ ሆነው? ወለተሐና ፈገግ አለች። ይህን ጥያቄ እንኳ እሷ ትመልሰው። ርዝመቱን ልትጽፍ አሰበችና ተወችው፤ ሐኪም መነሻውን በትክክል ማወቅ ይወዳል አለች ለራሷ። ደወሉ ሲደወል እንዲህ ብላ ላከች፤

«He has been unable to lift his right arm since January 2016.»

ከጥር 2016 ጀምሮ ቀኝ ክንዱን ማንሳት አቅቶታል ማለቷ ነው። ሃዝ ቢን በቦታው፣ ሲንስ በቦታው፣ መነሻው በቦታው። አንድም የሚሰመርበት ነገር የለውም። ስልኩን ለኩራ ሰጥታ ወደ ክፍሏ እየሮጠች ገባች።

መልሱ በሁለተኛው ቀን ጠዋት መጣ። ኩራ አንብቦ «sorry» የምትለውን ብቻ ለየ፤ እሷን ለመለየት አሥረኛ ክፍል መጨረስ አያስፈልግም። ስልኩን በግራ እጁ ይዞ ትምህርት ቤት ግቢ ገባና ከዛፉ ሥር ቆመ። ወለተሐና በመስኮት አይታው ወጣች።

«አካም ቡልታኒ ቲቸር» አለ፣ እንዴት አደሩ ለማለት። ድምፁ ልክ አልነበረም።

ስልኩን ነጥቃ አነበበች። አስተባባሪዋ በትሕትና ነው የጻፈችው። በጣም አዝናለሁ፤ ክንዱ ለስምንት ዓመት እንዲህ ከቆየ ሐኪሞቻችን ሊረዱት አይችሉም፤ ቦታውን ለሌላ ሕመምተኛ እንሰጠዋለን፤ የስም ዝርዝሩም ዛሬ ማታ ይዘጋል።

«ስምንት ዓመት?» አለች ወለተሐና።

«ስምንት ዓመት ማን አላቸው ቲቸር? አንቱ ነዎት?»

«እኔ? እኔ ምን በወጣኝ! ጥር ነው ያልኩት። ሴትየዋ ማንበብ አትችልም መሰለኝ!» ተቆጣች። እንዲህ ስትቆጣ እግሯ መሬት አይነካም። ዛፉን ዞረች፣ ተመለሰች፣ የላከችውን መልእክት ከፍታ ጮክ ብላ አነበበች፤ ስህተቱን ለማሳየት፣ የፈረንጇን ስህተት ማለቷ ነው። ሃዝ ቢን ትክክል። ሲንስ ትክክል። ጃንዋሪ ትክክል። ሁለት ሺህ አሥራ...

እዚያ ላይ እግሯ ቆመ።

ወሩን ተርጉማዋለች፣ ዓመቱን ረስታዋለች። ጥርን ጃንዋሪ አድርጋ ፈረንጅ አልብሳዋለች፤ ዓመቱን ግን በየቢሮው፣ በየደብዳቤው፣ በየቀኑ ሰሌዳ ጥግ ላይ እንደምትጽፈው፣ የአገሯን ዓመት እንዳለ ተወችው። የእኛ ጥር ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት በእነሱ ሁለት ሺህ ሃያ አራት ነው። ያች ሴት ጃንዋሪ 2016 የሚል ስታይ ምን ታድርግ? የራሷን ዓመት አነበበች፤ ስምንት ዓመትም ቆጠረች። ሰዋስዉ ፍጹም ነበር። ካስማውን ግን ወለተሐና በሌላ አገር መሬት ላይ ተክላዋለች።

ደሟ ከፊቷ ሲሸሽ ኩራ አየ። «ቲቸር፣ ምነው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ ኩራ። ዓመቱን በእኛ ጻፍኩት።»

ኩራ ገባው። ሾፌር ነው፣ ሁለቱን አቆጣጠር ከመንጃ ፈቃዱ ጀምሮ ያውቀዋል። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን የሞተውን ክንዱን በደህናው እጁ ደግፎ ወደ ግቢው በር አየ። ወለተሐና ሃያ አምስት ዓመት የሰው ልጅ ስህተት በቀይ ስታሰምር ኖራለች፤ የእሷ ግን በሰው ክንድ ላይ ተሰመረ።

«ዛሬ ማታ ነው የሚዘጋው» አለች። «ማታ ሩቅ ነው። ና!»

ክፍሏን ለባልደረባዋ ጥላ ወጣች። መልእክቱን እየሄደች ጻፈችው፤ ይህን ጊዜ ገመዱን አስቀደመች፤

«He has been unable to lift his arm for four months. The accident was in January 2024. I wrote the Ethiopian year. The mistake is mine. Please keep his place.»

አራት ወር አራት ወር ነው፤ የማንም አገር አቆጣጠር አይነካውም። የጀመረበትን ወር ጨመረች፣ ግን በእነሱ ዓመት፤ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ቦታውን አቆዩለት ብላም ለመነች። ላክ የሚለውን ነካች። ክቡ መሽከርከር ጀመረ፤ እየተሽከረከረ ቀረ። ከተማው ላይ መብራት ገና አሁን ጠፍቷል፤ ኢንተርኔቱም አብሮ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሌ ሰው ዛሬም ያወራዋል። ወለተሐና ኩራን በባጃጅ ጭና ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሄደች፤ የለም። ባንክ በር ላይ ቆማ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋች፤ የለም። ባጃጁን ወደ ከተማው ዳር ከፍታ አስወጣችው፤ የኢንተርኔቷ ምልክት ብቅ አለችና ጠፋች። ባለባጃጁ ዓብዱሰላም የሚባል ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ እሱም በመጨረሻ «ቲቸር፣ አንቱ ካልወረዱ ባጃጁ ራሱ ሊያለቅስ ነው» አላት። ወረደች። በእግሯ ወጣች፣ ወረደች፣ ድንጋይ ላይ ቆመች። ኩራ ከኋላዋ እየተከተለ «ይብቃ፣ እግዜር ያልፈቀደው ነው» ሲላት ዞራ ጮኸችበት። «እግዜርን እዚህ አታግባው! እሱ ዓመት አልተሳሳተም!»

በዚህ ቁጣ መካከል ነው ያለ ኢንተርኔት የሚሄድ ተራ የስልክ መልእክት መላክ እንደሚቻል ትዝ ያላት። ከጠዋት ጀምሮ በኢንተርኔቱ ስትታገል ስልክ ስልክ መሆኑን ረስታዋለች። ያንኑ መልእክት በአጭሩ ላከች። ሄደ። ይድረስ አይድረስ አላመነችም፤ ደወለች። ሁለቴ ጠርቶ ተቋረጠ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ቀጭን ድምፅ «ሄሎ» አለች።

ሃያ አምስት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረችው ወለተሐና ካስማውም ገመዱም ጠፋባት። ዝናብ ያዘለ ንፋስ ስልኩ ውስጥ እየገባ፣ «ፎር ማንዝስ!» ብላ ጮኸች። «ኖት ኤይት ይርስ! ፎር ማንዝስ!» ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። ሴትየዋ ግራ ገብቷት ማን እንደሆነች ጠየቀች። ወለተሐና ትንፋሿን ሰበሰበችና ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳች፤ የእኛ ዓመት ከእነሱ በሰባት ወይ በስምንት ወደ ኋላ እንደሆነ፣ ልጁ ሾፌር እንደሆነ፣ ስህተቱ የልጁ እንዳልሆነ።

ሴትየዋ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተናል አለች። ወለተሐና ዓይኗን ጨፈነች። ግን አለች ሴትየዋ፣ አራት ወር ከሆነ ሐኪሞቹ ሊያዩት ይወዳሉ፤ በተጠባባቂነት እጽፈዋለሁ፤ ይምጣና ይታይ፤ ተስፋ ግን ልሰጣችሁ አልችልም።

አመሻሹ ላይ አዮ ጉያቱ በራቸው ላይ ጠበቋቸው። ወለተሐና ከመቀመጧ በፊት፣ ማለቴ ቆማ ሳለች፣ ሁሉንም ተናገረች። እሳቸው አዳመጡ። ስትጨርስ በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ «ኢንተለ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ስምንት ዓመት በፊት ይሄ ልጅ ፍየል ነበር የሚጠብቅ። ማንም አያምንሽም ነበር» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ደረቀ። ክንዱን ዳሰሱት። ወለተሐና ያችን ዳሰሳ ማየት አልቻለችም፤ ወደ ጓሮ ወጣች።

በሰኔ መጀመሪያ ከኩራ ጋር አዲስ አበባ ወጣች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ተጨቃጭቃ ነው የወሰደችው። በክብረ መንግሥት ሲያልፉ እናቷን ለማየት እንኳ አልወረደችም። ቦሬ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ሲሸፍነው፣ አውቶቡሱ ሲያዘግም፣ መቀመጫው ላይ እየተገላበጠች የጎኗን ሰው አስመረረችው። በልቧ የምታጠናው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቅ እሷ ትመልሳለች፤ ከእንግዲህ ስህተት የለም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለት ቀን ጠበቁ። ተጠባባቂ ማለት ይኸው ነው፤ ስም ሲጠራ ያንተ ያልሆነውን ስም መስማት። በሦስተኛው ቀን ከተመዘገቡት አንዱ ሕመምተኛ ሳንባው ታሞ ለማደንዘዣ አይሆንም ተባለና ኩራ ተጠራ። ሐኪሙ ረጅም፣ ዝም ያለ ሰው ነው። ክንዱን አነሳ፣ ለቀቀ፣ ጣቶቹን አየ፣ ትከሻውን ጫን ጫን አደረገ። ከዚያ ጠየቀ፤ ስንት ጊዜ ሆነው?

ወለተሐና አፏን ከፈተች።

«አንቱ ይተዉ ቲቸር» አለ ኩራ በአማርኛ። «የእኔ ክንድ ነው፣ እኔ ልንገራቸው።» ወደ ሐኪሙ ዞረና በዝግታ፣ ቃል በቃል፣ በግራ እጁ እንደሚቆጥር ሆኖ አለ፤ «I have been like this for five months, doctor. I was strong. Now I have waited for five months.»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «አምስት ወር ጥሩ ነው» አለ፣ «ዳር ላይ ነው፣ ግን ጥሩ ነው። ነገ ጠዋት።»

ቀዶ ጥገናው የቆየውን ያህል ወለተሐና ኮሪደሩን ስትመላለስ ጽዳት ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ወለሉን ወልውላ ሁለት ጊዜ ገላመጠቻት። ሐኪሙ ሲወጣ ጭምብሉን አወረደና አጭር ነገር ነገራት። ጡንቻው በሕይወት ነበር። የሚሰፋውን ሰፍተነዋል። ነርቭ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ክርኑን ማጠፉን ለማወቅ ዓመት መጠበቅ አለባችሁ። አንድ ሁለት ወር ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር።

ወለተሐና ማልቀስ ስትጀምር ማቆሚያው ጠፋባት። ግድግዳውን ተደግፋ ነገሌ ደወለች። አዮ ጉያቱ ገና ስልኩ ሳይጠራ ያነሱት ይመስላል።

«ተሠራ» አለቻቸው፤ «ጡንቻው አለ። ግን መጠበቅ ነው። አንድ ዓመት ጠብቁ ብለዋል።»

በዚያኛው ጫፍ አሮጊቷ፣ በጥርጣሬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፤

«ዓመት? በማን ዓመት?»

ወለተሐና እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሳቅ መጣባት፣ ልቅሶውም አልሄደላትም።

«እሱስ እኩል ነው አዮ» አለች፤ «የእነሱም ዓመት፣ የእኛም ዓመት፣ ርዝመቱ አንድ ነው። አብረን እንጠብቃለን።»